ለብቻው ለሚሠራ የይዘት ፈጣሪ፦ የወር ካሌንደርን ከቀን ሳይሆን ከሰዓት መጀመር

ብዙ ሰው የይዘት ካሌንደር ሲያወጣ መጀመሪያ የሚሞላው የሚለጠፍበትን ቀን ነው። ሰኞ አጭር ቪዲዮ፣ ረቡዕ ሌላ አጭር፣ ቅዳሜ ረጅም ይላል። ሠንጠረዡ ሲታይ ያምራል፤ ሥራው የሚሠራበት ሰዓት ግን የትም አልተጻፈም። ሁለት ሳምንት እንደምንም ይኬዳል፣ በሦስተኛው ኤዲቱ ወደ ሌሊት ይገፋል፣ በአራተኛው ቅዳሜ ባዶ ያልፋል። ያ ባዶ ቅዳሜ የስንፍና ውጤት አይደለም፤ ካሌንደሩ በተጻፈበት ቀን የተቀበረ የሒሳብ ስህተት ነው።

ስለዚህ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። መጀመሪያ ሰዓት እንቆጥራለን፣ ቀጥሎ ለዚያ ሰዓት የሚመጥኑ ተከታታዮችን እንመርጣለን፣ ቀኑ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሰው ይዘን እንሂድ፦ የሙሉ ቀን ሥራ ያለው፣ በጎን በስልክ ፎቶ ማንሳትን በቪዲዮ የሚያስተምር፣ ስክሪፕቱንም ቀረጻውንም ኤዲቱንም ብቻውን የሚሠራ።

1. ያለውን ሰዓት መቁጠር

የሚቆጠረው የሚመኙት ሰዓት አይደለም፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት በእርግጥ ለዚህ ሥራ የተቀመጡበት ሰዓት ነው። የእኛ ሰው በሳምንት ሁለት ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ አራት ሰዓት አለው። በሳምንት 8፣ በአራት ሳምንት 32 ሰዓት ይሆናል።

ከ32ቱ ሩቡን ያንሱና ካሌንደሩን በ24 ብቻ ያቅዱ። የተነሱት 8 ሰዓቶች ትርፍ እንዳይመስሉዎት። ለኮሜንት መልስ መስጠት፣ ፋይል መገልበጥ፣ ድምፁ የተበላሸ ቀረጻ መድገም፣ የታመሙበት ማታ፣ ሁሉም የሚበላው ከእነዚያ ነው። ሩቡን ሳይቀንሱ የታቀደ ወር አንድ ጉንፋን ይበቃዋል።

ብዙዎች በልባቸው የሚያስቡትን ዕቅድ ከዚህ ቁጥር ጋር ያስተያዩት፦ በየሳምንቱ አንድ ረጅም ትምህርት፣ በተጨማሪም ሦስት አጫጭር። አንዱ ረጅም 9 ሰዓት፣ አንዱ አጭር 1 ሰዓት ቢፈጅ (ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ወደ ታች እናያለን) በወር 36 እና 12፣ በድምሩ 48 ሰዓት ይሆናል። እጅ ላይ ያለው 32 ነው። ይህን ጉድለት የትኛውም የዕቅድ አፕ አይሞላውም፤ መቀነስ ያለበት የሥራው መጠን ነው።

2. ርዕስን ከተከታታይ መለየት

ተከታታይ ማለት በየክፍሉ አንድ ነገር ብቻ እየተቀየረ ሌላው ሁሉ ባለበት የሚቆይ ቪዲዮ ነው። አከፋፈቱ፣ ርዝመቱ፣ የካሜራው ቦታ፣ የተምኔሉ አሠራር፣ አዘጋጉ አስቀድመው ተወስነዋል። ለብቻው የሚሠራን ሰው የሚያደክመው ቀረጻው ራሱ ብቻ አይደለም። በየክፍሉ እንደ አዲስ መወሰኑ ነው፦ ምን ልበል፣ በምን ልጀምር፣ የት ልቀመጥ፣ ምን ያህል ይርዘም። ተከታታዩ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ጊዜ ይመልስና ይዘጋቸዋል።

አንድ ሐሳብ ተከታታይ ይወጣው እንደሆነ መፈተኛው ቀላል ነው። ሰዓት ይዘው በ20 ደቂቃ ውስጥ 12 ርዕስ ይጻፉ። ስድስት ላይ ከቆሙ፣ ወይም ከሰባተኛው ጀምሮ ርዕሶቹ እርስ በርስ መመሳሰል ከጀመሩ፣ የያዙት ጥሩ የአንድ ቪዲዮ ሐሳብ ነው። ረጅም ቪዲዮ አድርገው ይሥሩትና ይለፉት።

የእኛ ሰው «አንድ ፎቶ፣ አንድ ማስተካከያ» የሚል አጭር ተከታታይ አስቧል። ተመልካች የላከው አንድ የተበላሸ ፎቶ ይቀርባል፣ ለምን እንደተበላሸ ይነገራል፣ ይስተካከላል። ርዕሶቹ ያለ ችግር ይፈሳሉ፦ ከመስኮት ፊት የቆመ ሰው ፊቱ ለምን ይጠቁራል፣ ማታ የተነሳ ልጅ ለምን ይደበዝዛል፣ በቡድን ፎቶ ዳር ላይ ያሉት ለምን ይለጠጣሉ፣ በአምፖል ብርሃን ነጩ ለምን ቢጫ ይሆናል። የተመልካች ፎቶ እስካለ ድረስ ምንጩ አይደርቅም።

ከዚያ ለተከታታዩ አንድ ገጽ የቅርጽ ወረቀት ይጻፋል። የዚህኛው እንዲህ ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 75 ሰከንድ ነው።

- ከ0 እስከ 5፦ የተበላሸው ፎቶ ሙሉውን ስክሪን ይይዛል፣ ጥፋቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ሰላምታ የለም።
- ከ5 እስከ 20፦ ምክንያቱ። ለምሳሌ «ስልኩ ብርሃኑን የለካው ከመስኮቱ ነው፤ ፊቱን አልቆጠረውም።»
- ከ20 እስከ 55፦ ማስተካከያው በስልኩ ስክሪን ቀረጻ ይታያል። ፊቱን መንካት፣ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ፣ እንደገና ማንሳት።
- ከ55 እስከ 70፦ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን።
- የመጨረሻዎቹ 5 ሰከንዶች፦ ፎቶ የሚላክበት መንገድ።

ወረቀቱ ላይ «የማይገባ» የሚል መስመርም ይጨምሩ። በዚህ ተከታታይ ሙዚቃ፣ ተንቀሳቃሽ ጽሑፍና ሁለተኛ ካሜራ የሉም። ይህ መስመር ትርፍ ቢመስልም በሦስተኛው ወር ሰዓትዎን የሚጠብቅልዎ እሱ ነው፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ፎቶው የሰው ስለሆነም የላኪው ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ በፎቶው ላይ ሌሎች ሰዎች ካሉም እንዲሁ ይጠየቅ። የሚልክ ሰው ለጠፋበት ሳምንት ደግሞ ከራስ ስልክ የተመረጡ አሥር ብልሹ ፎቶዎች በአንድ ፎልደር ይቀመጡ።

ለአንድ ሰው ከባድ የሆኑ ሁለት የተከታታይ ዓይነቶች አሉ፤ አስቀድመው ቢያውቋቸው ይሻላል። አንዱ እንግዳ የሚጋበዝበት ቃለ መጠይቅ ነው። ቀኑ በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ አንድ እንግዳ ሲቀር ሳምንቱ በሙሉ ይቀራል። ሌላው የሳምንቱን ዜና መሠረት ያደረገ ተከታታይ ነው። አስቀድሞ መቅረጽ ስለማይቻል ሁልጊዜ ለዛሬ መሥራት ያስገድዳል። ሁለቱም የማይሠሩ ሆነው አይደለም፤ ግን ዋና ተከታታይ ሊሆኑ አይገባም።

ሦስት ተከታታይ ለአንድ ሰው ጣሪያው ነው፤ ሦስቱም ደግሞ ክብደታቸው መለያየት አለበት። የእኛ ሰው አንድ ከባድ (በወር ሁለት ረጅም ትምህርት)፣ አንድ ቀላል (በየሳምንቱ አንድ አጭር) እና አንድ በጣም ቀላል (በወር አንድ ጊዜ የጥያቄና መልስ ቪዲዮ) ይዟል። ሦስተኛው ስክሪፕት የለውም። ከኮሜንት ሦስት ጥያቄ ይመረጣል፣ ካሜራ ፊት ተቀምጦ በአንድ ትንፋሽ ይመለሳል። ጠቀሜታው ከራሱ በላይ ነው፤ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ወር ረጅም ትምህርት ርዕስ ይሆናሉ።

3. የአንዱን ክፍል ዋጋ በሰዓት ማወቅ

በግምት አይሆንም። በግምት ሲሆን ሰው ቀረጻውን ያስታውሳል፣ ኤዲቱን ያሳንሳል፣ ተምኔልና ርዕስ ማውጣቱን ጨርሶ ይረሳል። ከእያንዳንዱ ተከታታይ አንድ የሙከራ ክፍል ይሥሩና እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ሰዓት ይለኩ። የእኛ ሰው ረጅም ትምህርት እንዲህ ወጣ፦ ርዕስና አወቃቀር 1 ሰዓት፣ ስክሪፕት 2፣ ቀረጻ አንድ ተኩል፣ ኤዲት ሦስት ተኩል፣ ርዕስ፣ ተምኔልና መጫን 1። በድምሩ 9 ሰዓት።

አጭሩ ላይ ግን የሚያስገርም ነገር አለ። ብቻውን ሲሠራ 80 ደቂቃ ይፈጃል፦ ትራይፖድ፣ መብራትና ድምፅ ማስተካከል 25፣ ፎቶ መምረጥ 10፣ ቀረጻ 10፣ ኤዲት 25፣ መጫን 10። ከዚህ ሁሉ ትልቁ ሥራ ከኤዲቱ እኩል ዕቃ መዘርጋቱ ነው። በየሳምንቱ አንድ አንድ ቢሠራ አራቱ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳሉ። አራቱ በአንድ ማታ ሲቀረጹ ግን ዕቃው አንድ ጊዜ ብቻ ይዘረጋል፤ 25 ደቂቃ አንድ ጊዜ፣ ቀሪው 55 ደቂቃ አራት ጊዜ፣ በድምሩ 245 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ያህል። በአማካይ አንዱ ወደ 1 ሰዓት ወረደ።

ይህ ስሌት ካስደሰተዎት በአንድ ማታ አሥር ለመቅረጽ መሞከርዎ አይቀርም። አይሞክሩት። ከአራትና ከአምስት በኋላ ድምፅ ይዝላል፣ አነጋገር ይሰለቻል፣ ተመልካችም ይሰማዋል። በጅምላ የሚቀረጽ ነገር ላይ «ዛሬ»፣ «በዚህ ሳምንት»፣ «ትናንት እንዳየነው» የሚሉ ቃላት አይገቡም፤ ክፍሎቹ ቦታ ሲቀያየሩ ትርጉም ያጣሉ። ሸሚዝ መቀየርም አይርሱ፤ ወይም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው የተከታታዩ መለያ ያድርጉት።

እንግዲህ የወሩ ሒሳብ፦ ሁለት ረጅም 18 ሰዓት፣ አራት አጭር 4 ሰዓት፣ አንድ ጥያቄና መልስ 2 ሰዓት። በድምሩ 24። ሰባት ቪዲዮ በወር ትንሽ ከመሰለዎት፣ ከላይ ያየነውን የ48 ሰዓት ዕቅድ ያስታውሱ፤ እሱ አሥራ ስድስት ቃል ገብቶ የሚያደርሰው ስንት እንደሆነ አይታወቅም።

4. ወሩን በሥራ ዓይነት መክፈል

ዋናው ውሳኔ እዚህ ነው። በዚህ ወር የሚሠራው በሚቀጥለው ወር የሚወጣው ነው። ማክሰኞ ተሠርቶ ሐሙስ የሚወጣ ነገር ካለ፣ ረቡዕ መብራት ቢጠፋ ካሌንደሩ ተበላሸ ማለት ነው። አንድ ወር ከቀደሙ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ቢታመሙም ተመልካች አያውቀውም።

ሥራው በቪዲዮ ሳይሆን በዓይነቱ ይከፈላል፤ አንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ሥራ። የመጀመሪያው ሳምንት የጽሑፍ ነው። የሁለቱም ረጅም ትምህርቶች አወቃቀርና ስክሪፕት እዚህ ያልቃል፣ 6 ሰዓት። ሁለተኛው የቀረጻ ነው፦ ቅዳሜ ሁለቱ ረጅሞች 3 ሰዓት፣ በማታዎቹ ለአጫጭሮቹ ፎቶ መምረጥና አራቱን በአንድ ላይ መቅረጽ፣ 1 ሰዓት ከ45። ከዚያ የምትተርፈው ሰዓት ከሩብ ፋይሎቹን ለመለየትና የረጅሞቹን ሻካራ ቆረጣ ለመጀመር ትበቃለች። ሦስተኛው ሳምንት ኤዲት ብቻ ነው፤ የቀረው 5 ሰዓት ከ45። አራተኛው መዝጊያ ነው፦ የረጅሞቹ ርዕስ፣ ተምኔልና መጫን 2 ሰዓት፣ የአጫጭሮቹ ኤዲትና መጫን 2 ሰዓት ከ20፣ ጥያቄና መልሱ 2 ሰዓት። ይህ ሳምንት ከ6 ሰዓት በ20 ደቂቃ ያልፋል፤ ከተነሱት 8 ሰዓቶች ይወሰዳል።

ስክሪፕትን ከኤዲት ጋር በአንድ ማታ አለመቀላቀል የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤዲት ሲሠሩ ጆሮና ዓይን ስህተት ይፈልጋሉ፤ በዚያው ስሜት ስክሪፕት ሲጽፉ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየሰረዙ ሁለት ሰዓቱ ያልቃል።

የሚወጣበት ቀን አሁን ይመጣል፣ ቀላልም ነው። አጭሩ በየሐሙሱ፣ ረጅሙ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ጥያቄና መልሱ በመጨረሻው ቅዳሜ። ሁሉም አስቀድመው ይጫኑና ቀንና ሰዓት ይሰጣቸው። በዩቲዩብ ላይ ይህ `Schedule` የሚለው ምርጫ ነው፤ ቪዲዮው እስከ ቀኑ ድረስ ለሌላ ሰው አይታይም። አንዳንድ ወር አምስት ሐሙስ አለው። ለአምስተኛው ሐሙስ አዲስ ሥራ አይታቀድም። ከመጠባበቂያው አንድ ይወጣል፤ መጠባበቂያ ከሌለ ባዶ ያልፋል።

መጠባበቂያ የምለው ጊዜ የማያሳልፋቸው፣ ተሠርተው ያለቁ ሁለት አጭር ቪዲዮዎች ናቸው። ከሁለት በላይ ማከማቸት አያስፈልግም፤ ለመለጠፍ የሚያጓጉ ሆነው ይቀመጡና ዲሲፕሊን ያፈርሳሉ።

የመጀመሪያው ወር እንዴት ይታለፋል? ቻናሉ አዲስ ከሆነ ምንም አይለጠፍም፤ ወሩ ለሚቀጥለው ይሠራል። ቀድሞ ተመልካች ካለ በየሳምንቱ አንድ አጭር ብቻ ይወጣል። አራቱ በአንድ ማታ ከተቀረጹ 4 ሰዓት ነው፤ ከተነሱት 8 ሰዓቶች ይከፈላል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈቀድ ብድር ነው።

5. ሠንጠረዡ

ጎግል ሺት ወይም ኤክሴል ይበቃል። ዓምዶቹ ስምንት ብቻ ይሁኑ፦ A የሚወጣበት ቀን፣ B ተከታታይ፣ C ርዕስ፣ D የሥራ ሳምንት፣ E ሁኔታ፣ F የታቀደ ሰዓት፣ G የፈጀ ሰዓት፣ H ማስታወሻ። ሁኔታ ላይ ከአምስት ቃል በላይ አያስፈልግም፦ ሐሳብ፣ ስክሪፕት፣ ተቀርጿል፣ ኤዲት፣ ተጭኗል። ከሰባቱ ቪዲዮ በታች የወሩን የታቀደ ሰዓት የሚደምር መስመር ይጨምሩ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ተከታታይ በእርግጥ የበላውን ሰዓት የሚያሳይ፦

```
=SUM(F2:F8)
=SUMIF(B2:B8,"አጭር",G2:G8)
```

የመጀመሪያው ከ24 ካለፈ ካሌንደሩ አይጸድቅም፤ አንድ መስመር ይሰረዛል። G ደግሞ ሥራው ባለቀበት ማታ ይሞላ፤ በወሩ መጨረሻ ከትዝታ የሚጻፍ ሰዓት ሁልጊዜ ከእውነቱ ያንሳል። ርዕሱን በC ላይ ሲጽፉ «ስለ ብርሃን» ብለው አይተዉት። «ከመስኮት ፊት የቆመ ሰው ፊቱ ለምን ይጠቁራል» ብለው ይጻፉት። ጥያቄ ሆኖ ያልተጻፈ ርዕስ ስክሪፕት ሊጻፍ ሲቀመጡ አንድ ሰዓት ያስበላል።

6. ሲበላሽ በምን ይታወቃል

የመጀመሪያው ምልክት G ከF መብለጡ ነው። አንድ ወር ቢበልጥ ምንም አይደለም። ሁለት ወር ተከታትሎ በአንድ ተከታታይ ላይ ከበለጠ፣ ተከታታዩ ሳይታወቅ ከብዷል። ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ሁኔታ ምክንያቱ አንድ ነው። በአራተኛው ክፍል ትንሽ ሙዚቃ ገባ፣ በስድስተኛው የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ፣ በሰባተኛው ሌላ አንግል። እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ነው፤ በአራት ክፍል ሲባዛ ሁለት ሰዓት ሆኖ ይወጣል። ያኔ የቅርጽ ወረቀቱን ያውጡና «የማይገባ» የሚለውን መስመር ያንብቡ። የሚቀነሰው የገባው ነገር ነው፤ ሰዓት አይጨመርም። አዲሱ ነገር በእውነት የሚጠቅም ከሆነ በእሱ ምትክ አንድ አሮጌ ይውጣ።

ሁለተኛው ምልክት የክፍሉ መጀመሪያ ላይ ያለው መውደቅ ነው። በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች የሚቆይበትን ግራፍ ሲያዩ፣ በየክፍሉ እዚያው ሰከንድ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ ርዕሱ ጋ አይደለም፣ ቅርጹ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ በየክፍሉ የሚደገም ሰላምታና መግቢያ ሆኖ ይገኛል። ተከታታይ የሚከተል ሰው ያንን አሥር ጊዜ ሰምቶታል። የግራፉ መውደቅ በአንድ ክፍል ብቻ ከታየ ግን ቅርጹን አይንኩ፤ ያ የርዕሱ ችግር ነው።

ሦስተኛው ያመለጠ ክፍል ነው። አንድ ሐሙስ ካመለጠ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ለማውጣት አይሞከር፤ ያመለጠው ርዕስ ወደ ሚቀጥለው ወር ዝርዝር ይገባል፣ ቀኑ ይተዋል። ዕዳ መክፈል የጀመረ ካሌንደር የሚቀጥለውን ሳምንት ሰዓት ስለሚበላ ሌላ ዕዳ ይወልዳል።

አንድ ተከታታይ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን በአንድ ወር ቁጥር መወሰን ችኮላ ነው። ቢያንስ ስምንት ክፍል ይውጣ። የእኛ ሰው አጭሩን በስምንት ስምንት ክፍል ምዕራፍ ከፍሎታል፤ ሁለት ወር ይሄዳል፣ ከዚያ ቅርጹን ለማሻሻል ወይም ለመተው በር ይከፈታል። በምዕራፍ መክፈል ሌላም ጥቅም አለው፤ ማቆም ሲፈልጉ ተመልካቹ «ጠፋ» አይልም፣ ምዕራፉ አለቀ ብሎ ያልፈዋል። ሲወስኑም የእይታ ብዛትን ብቻ አያነጻጽሩ፣ ለአንድ ሰዓት ሥራ ምን ያህል እይታ እንደመጣ ያካፍሉ። 9 ሰዓት የበላ ቪዲዮ 1 ሰዓት ከበላው ሁለት እጥፍ ቢታይ አሸነፈ አይባልም፤ ይልቅ ረጅሙ ሌላ ሥራ እንደሚሠራ፣ ለምሳሌ ተመልካቹን ወደ ፕሌይሊስቱ እንደሚያስገባ ወይም የተሻሉ ጥያቄዎች እንደሚያመጣ፣ ይመርመር። ያንን ካላደረገ በወር ወደ አንድ ይውረድ፤ የተረፉት 9 ሰዓቶች ወዴት እንደሚሄዱ የሚቀጥለውን ወር ሠንጠረዥ ሲሞሉ ይወስናሉ።